NdeI ጂኑን መሃሉ ላይ ከቆረጠው፦ NheI ይበቃል ወይስ ጊብሰን?

ሰላም ለሁላችሁ። የቡድን አሳይመንት ይዘን ተጨቃጭቀናል፣ የእናንተን ሐሳብ ልስማ ብዬ ነው። ሥራው ወረቀት ላይ የሚያልቅ የክሎኒንግ ዕቅድ ነው፣ ላብ አንገባም። መምህራችን የአንድ ባክቴሪያ ኢስትሬዝ ጂን ሰጥተውናል። ስቶፕ ኮዶኑን ጨምሮ 912 ቤዝ ነው፣ ፕሮቲኑ ደግሞ 303 አሚኖ አሲድ። ፕሮቲኑ ኢ. ኮላይ ውስጥ እንዲመረት፣ ከፊቱ ሂስ ታግ እንዲኖረው፣ ታጉም በኋላ ተቆርጦ እንዲነሳ ይፈለጋል። ቬክተሩን የምንመርጠው እኛ ነን፣ ምክንያቱንም እንጽፋለን።

ቬክተሩ ላይ አልተጣላንም። pET-28a መረጥን። የቲ7 ፕሮሞተር አለው፣ ከፊት ስድስት ሂስቲዲን አለው፣ ከሂስቲዲኖቹ ቀጥሎ ትሮምቢን የሚቆርጠው ቦታ አለ፣ የሚመረጠውም በካናማይሲን ነው። ብዙ ሰው በዚህ ቬክተር ላይ የሚጠቀመው የመቁረጫ ኢንዛይም ጥንድ NdeI እና XhoI ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱ የተለያየ ጫፍ ስለሚተዉ ጂኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል። ችግሩ የኛ ጂን ውስጥ CATATG አለ። አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከ412ኛው ቤዝ ይጀምራል። ያ ደግሞ NdeI የሚቆርጠው ነው። NheI እና XhoI ጂኑን አይነኩትም።

የቬክተሩን መግቢያ እዩት፦

```
ATG GGC AGC AGC CAT CAT CAT CAT CAT CAC AGC AGC
GGC CTG GTG CCG CGC GGC AGC CAT ATG GCT AGC
```

መጨረሻ ላይ CAT ATG አለ፣ ወዲያው ከጎኑ ደግሞ GCT AGC። ይሄ የ NheI ቦታ ነው፣ ፍሬሙም አይበላሽም። ስለዚህ የኔ አቋም NdeI ን ትተን በ NheI እና XhoI እንቁረጥ፣ በላይጌዝ እንለጥፍ፣ ስቶፕ ኮዶኑንም አንንካው የሚል ነው። ሁለቱ የቡድኔ ልጆች ግን ጊብሰን፣ ማለትም ተደራራቢ ጫፎችን የሚያገናኘው ዘዴ፣ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ብለዋል። እነሱ እንደሚሉት ዘመናዊው እሱ ነው፣ ስለ መቁረጫ ቦታም አያስጨንቅም። እስካሁን የመጣውን መልስ ቡድኑ እንዲያየው ከታች በራሴ አነጋገር አሳጥሬዋለሁ።

1ኛ መልስ። የመጀመሪያው ሰው በጣም ጨዋ ነው፣ አስተማሪ ይመስላል። NheI ያስኬዳል አለኝ፣ ግን ዋጋውን ጻፉት አለ። ትሮምቢን የሚቆርጠው ከአርጂኒኑ በኋላ ነው። በ NdeI ቢገባ ኖሮ ከጂኑ ሜቲዮኒን በፊት የሚቀረው ግላይሲን፣ ሴሪን፣ ሂስቲዲን ብቻ ነበር። በ NheI ሲገባ ሜቲዮኒን፣ አላኒን እና ሴሪን ይጨመሩበታል። ለኢስትሬዝ ሥራ መለኪያ ብዙ ለውጥ ላያመጣ ይችላል፣ የፕሮቲኑ ጫፍ ራሱ የሚጠና ከሆነ ግን ያመጣል። ስቶፕ ኮዶኑን መተዋችንን ወዶታል። ብናወጣው፣ ፍሬሙም ከ XhoI ቦታው ጋር ቢገጥም፣ ከኋላም ሁለተኛ ሂስ ታግ ይመጣል፣ እሱን ደግሞ ትሮምቢን አያነሳውም። መምህሩ ታጉ ይነሳ ስላሉ እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ ነጥብ ይጥላል አለ።

2ኛ መልስ። ይህኛው በእርግጠኝነት ነው የጻፈው። NdeI ብንጠቀም ጂኑ ሁለት ቦታ ስለሚሆን ምንም አይለጠፍም፣ ሳህኑ ላይ አንድም ኮሎኒ አይወጣም፣ ስለዚህ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል አለ። ቀጥሎ የቡድኔን ልጆች ደገፈ። ጊብሰን ተደራራቢውን ክፍል ራሱ ስለሚያገናኝ ስለ ፍሬም ማሰብ አያስፈልግም አለ። ጊብሰን ቦታውን አይመርጥም ሲል ልክ ነው። የቀረውን ግን 3ኛው ሰው አልማረውም።

3ኛ መልስ። ይህች ሴት ተቆጥታ ነው የመጣችው። ያልሞከረ ሰው ኮሎኒ አይወጣም እያለ ተማሪ ባያሳስት ጥሩ ነው ብላ ጀመረች። ቀጥላ የኛኑ ጂን ወስዳ ሠራችልን፣ ከሁሉም መልስ ይህን ነው የወደድኩት።

ጂኑን በ NdeI እና XhoI ብንቆርጠው ሁለት ቁራጭ ይወጣል። የፊተኛው 414 ቤዝ ሲሆን በሁለቱም ጫፉ NdeI ነው። የኋለኛው 500 ገደማ ነው፣ በአንድ ጫፉ NdeI፣ በሌላው XhoI። አሁን ቬክተሩ የሚፈልገው ምንድን ነው? አንድ NdeI እና አንድ XhoI። የኋለኛው ቁራጭ ልክ ያንን ይዟል። ስለዚህ ይገባል፣ አጭር ስለሆነም ከሙሉው ጂን ይልቅ ሳይቀለው አይቀርም። ኮሎኒውም ሞልቶ ይወጣል።

ይባስ ብሎ 412 ላይ ያለው CATATG ከጂኑ ፍሬም ጋር ይገጥማል። CAT 138ኛው ኮዶን ነው፣ ATG 139ኛው። ስለዚህ የተቆረጠው ጂን ከሂስ ታጉ ጋር በትክክለኛ ፍሬም ይያያዛል። ባክቴሪያው ፕሮቲን ይሠራል፣ ፕሮቲኑ ኒኬል ኮለም ላይ ይያዛል፣ ጄል ላይም ንጹሕ ባንድ ይታያል። ባንዱ ግን 35 ኪሎዳልተን መሆን ሲገባው 20 አካባቢ ላይ ይቆማል። የኢንዛይሙ የፊት ግማሽ ስለሌለ ሥራ አይሠራም። ሰውዬው ደግሞ ፕሮቲኔ ተበላሽቶብኛል ብሎ በፈር ሲቀያይር ይከርማል። ቀድሞ ለማወቅ በቲ7 ፕሮሞተርና በቲ7 ተርሚኔተር ፕራይመሮች ኮሎኒ ፒሲአር ሥሩ አለች። ሙሉው 1150 ገደማ ይሰጣል፣ የተቆረጠው 730 ገደማ። ከዚያም በፊት የተቆረጠውን ኢንሰርት ጄል ላይ ብታዩት ሁለት ባንድ ሲሆን አይናችሁ እያየ ነው።

ስለ ፍሬሙ ያለችው አጭር ነበር። ጊብሰን የሚያገናኘው ፕራይመሩ ላይ የተጻፈውን ነው፣ አንድ ቤዝ የጎደለበት ፕራይመር ብትሰጠው አንድ ቤዝ የጎደለበትን አገናኝቶ ያስረክብሃል።

4ኛ መልስ። ሀገር ቤት ላብ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ጥያቄውን ትቶ የራሱን ነገረን። የጊብሰን ኪት አስመጥተው ወራት ጠብቀዋል። በመጣ በሳምንቱ መብራት ጠፋ፣ ፍሪዘሩም ሞቀ። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሁሉ ባዶ ሳህን ሆነ። NheI እና XhoI ግን በግሊሰሮል ውስጥ ስለሆኑ እዚያው ፍሪዘር ውስጥ ተርፈው ሠሩ። ስለዚህ መልሱ ቁረጥና ለጥፍ ነው አለ። አዝኜለታለሁ፣ ግን አሳይመንቱ ወረቀት ላይ ነው።

5ኛ መልስ። ለ4ኛው የተጻፈ ነው። ላይጌዙ ቢተርፍ የላይጌዙ በፈር ውስጥ ያለው ኤቲፒ ቀዝቅዞ በቀለጠ ቁጥር ይሞታል፣ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ቱቦ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ ይላል። ደግሞ የማትዘለሉ ነገር ብሎ የጨመረው ጥሩ ነው። ኢንሰርት ያልገባበት፣ የተቆረጠ ቬክተር ብቻ ከላይጌዝ ጋር የተጨመረበት ሳህን ይኑራችሁ። እዚያ የወጣው ኮሎኒ ከዋናው ሳህን ጋር ከተመጣጠነ ቬክተራችሁ በደንብ አልተቆረጠም ማለት ነው። NheI እና XhoI የተቀራረቡ ስለሆኑ ቬክተሩ በአንዱ ኢንዛይም ብቻ ይቆረጥ በሁለቱም፣ ጄል ላይ ልዩነቱ አይታይም። በሁለቱ መካከል የሚወጣው ክፍል መቶ ቤዝ አይሞላም።

6ኛ መልስ። ይሄኛው ሰው ጀርመን ነው የምሠራው ብሎ ጥያቄያችንን በጭራሽ ሳያነብ የሰው ሴል ውስጥ ስለማምረት ጻፈ። ሲኤምቪ ፕሮሞተር ያለው ቬክተር ውሰዱ፣ ከ ATG በፊት ኮዛክ አስገቡ፣ ኤችኢኬ ሴል ላይ ሞክሩ። የተናገረው ለራሱ ሥራ ልክ ነው። ኢ. ኮላይ ግን ኮዛክን አያውቅም፣ ራይቦሶሙ የሚይዝበትን ቦታ ደግሞ ቬክተሩ ራሱ ይዞታል። አንድ ሰው ከሥሩ ወንድሜ ርዕሱን አንብበህ ተመለስ ብሎት ሄደ።

7ኛ መልስ። ስለ ጊብሰን የሚያውቀው ሰው እዚህ ጋ መጣ። ረጋ ያለ ነው፣ እኔንም አንተ አንቺ ሳይል እናንተ እያለ ነው የጻፈው። በመጀመሪያ አንድ ነገር አስተካከለ። በጊብሰን ከሄድን ውስጡ ያለው NdeI ጭራሽ አያሳስብም አለ። ኢንዛይሙ የሚነካው ቬክተሩን ብቻ ነው፣ ኢንሰርቱ በፒሲአር ወጥቶ ሳይቆረጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ ቬክተሩን በ NdeI እና XhoI መክፈት ይቻላል፣ ያኔ 1ኛው ሰው የጠቀሳቸው ሦስት ትርፍ አሚኖ አሲዶችም አይኖሩም። የቡድኔ ልጆች ዘመናዊ ነው ከማለት ይልቅ ይህን ቢሉኝ ኖሮ እሰማቸው ነበር።

ቀጥሎ ያለው ግን እነሱንም ዝም አሰኝቷል። ብዙ ሰው 20 ቤዝ ተደራራቢ ይበቃል ብሎ ከቬክተሩ መጨረሻ 20 ይቆጥርና ይወስዳል። እዚህ ቬክተር ላይ ያ 20 የሚያርፈው ትሮምቢን ቦታው ላይ ነው። ያን ቦታ ሲያነበው TGCCGCGCGGCA የሚል 12 ፊደል አገኘ። በተቃራኒው ክር ላይ ብታነቡትም ያው ራሱ ነው። ቲ5 ኤክሶኑክሊዝ ከአምስት ፕራይም ጫፍ እየበላ ነጠላ ክር ሲያወጣ ይህ ጫፍ ኢንሰርቱን ከመፈለግ ይልቅ በራሱ ላይ ሊታጠፍ፣ ወይም ከሌላ ቬክተር ተመሳሳይ ጫፍ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ ወደ ኋላ 12 ቤዝ ጨምሩ አለ። የፊት ፕራይመሩ እንዲህ ይጀምራል፣ ከ ATG በኋላ የጂኑ ሁለተኛ ኮዶን ይቀጥላል፦

```
CACAGCAGCGGCCTGGTGCCGCGCGGCAGCCATATG
```

በ NdeI የተቆረጠው ቬክተር ከላይኛው ክሩ የሚቀረው እስከ CA ድረስ ስለሆነ ትክክለኛው መደራረብ 32 ቤዝ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው ወጥመድ ሌላ ዓይነት ነው። ከ XhoI በኋላ ቬክተሩ ይህን ይመስላል፦

```
CTC GAG CAC CAC CAC CAC CAC CAC TGA GAT CCG GCT GCT AAC
```

ስድስት CAC ተደርድሯል። መደራረባችሁ እዚያ መሃል ካለቀ ክሮቹ አንድ ኮዶን ተንሸራተው ሊገናኙ ይችላሉ። ተደራራቢውን ከድግግሞሹ አሳልፋችሁ ቢያንስ እስከ GATCCGG ውሰዱት። ፕራይመሩ ይረዝማል፣ ዋጋውም ይጨምራል፣ እሱን ዕቅዳችሁ ውስጥ ጻፉት አለ። እኛ ስቶፕ ኮዶን ስላለን መንሸራተቱ ፕሮቲኑን አይነካም፣ ግን መምህሩ ሲጠይቁ መልስ ይኑራችሁ አለ።

መጠኑንም አሰላልን። 50 ናኖግራም የተቆረጠ ቬክተር ከወሰድን፣ ኢንሰርቱ በሞለኪውል ቁጥር ሦስት እጥፍ እንዲሆን 27 ናኖግራም ገደማ ይበቃል። በናኖግራም ሦስት እጥፍ ብለው 150 የሚጨምሩ አሉ፣ ያ ከአሥራ ስድስት እጥፍ በላይ ነው። ሁሉም በ50 ዲግሪ ይቀመጣል። ውጤቱን ለማረጋገጥ በ NdeI እና XhoI መልሳችሁ ቁረጡት አለ። ውስጠኛው NdeI እዚህ ጋ ጠቀመን፣ ትክክለኛው ፕላዝሚድ 5.3 ኪሎቤዝ፣ 500 እና 414 ሆኖ በሦስት ባንድ ይወጣል። በ414 እና በ500 መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ግን ጄሉ 2 ፐርሰንት ይሁን።

8ኛ መልስ። እዚህ ጋ ጨዋታው ሞቀ። አንዱ መጥቶ 7ኛውን ሰው በማጋነን ከሰሰው። እሱ በዚሁ ቬክተር፣ በዚሁ ቦታ፣ በ20 ቤዝ ሠርቶ በመጀመሪያው ሙከራ ወጥቶለታል። 50 ዲግሪ ላይ እንዲህ ያለ እጥፋት ይፈታል፣ ሰው ወረቀት ላይ ፓሊንድሮም እየፈለገ ተማሪ ያስፈራራል አለ።

9ኛ መልስ። 7ኛው ተመለሰ፣ አሁን ግን ትንሽ መረር ብሎ ነው። ለአንድ ሰው አንዴ ወጣ ማለት ምርጫው ጥሩ ነው ማለት አይደለም አለ። 12ቱ ፊደል ውስጥ ሁለት T እና A ጥንድ ብቻ ነው ያለው፣ የቀረው ሁሉ G እና C ስለሆነ በ50 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ ይፈታል ብሎ መናገር አይቻልም። ኮሎኒ ሊወጣ ይችላል፣ ቁጥሩ ግን ያንሳል። ደግሞ ረጅም ፕራይመር ላይ የሲንተሲስ ስህተት ስለሚበዛ መገናኛዎቹን ሳታስነብቡ ወጣልኝ አትበሉ ብሎ ለ8ኛው ጥያቄ ተወለት፦ ሲኩዌንስ አድርገሃል ወይ? 8ኛው እስካሁን አልመለሰም። በ50 ዲግሪ ላይ ስላለው ክርክር ማን ልክ እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ሁለቱም የሙከራ ቁጥር አላመጡም።

10ኛ መልስ። አንዷ በመሃል ገብታ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ለአንድ ቤዝ ነው አለች። CAT ን CAC አድርጉት። ሁለቱም ሂስቲዲን ናቸው፣ ፕሮቲኑ አይለወጥም፣ NdeI ግን ቦታውን ያጣዋል። ጂኑን በሁለት ቁራጭ በፒሲአር አውጥታችሁ ለውጡን መገናኛው ላይ ባለው ፕራይመር ጻፉት፣ ከዚያ በኦቨርላፕ ፒሲአር አንድ አድርጋችሁ በተለመደው NdeI እና XhoI አስገቡ። ጂኑን በሲንተሲስ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ሲታዘዝ ያንን ፊደል ማስቀየር ነው። ብልህ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የኛ አሳይመንት የተሰጠውን ሲኩዌንስ አትንኩ ይላል፣ ያንን ቀድሜ ባለመጻፌ ትንሽ ተቆጣችኝ። በ NdeI ከሄዳችሁ ፕራይመሩ ጫፍ ላይ በቂ ትርፍ ቤዝ አስቀምጡ፣ ይህ ኢንዛይም ጫፍ አጠገብ ሲሆን ይሰንፋል ብላ ጨምራለች። እሷ ከ CATATG በፊት GGAATTC ን ነው የምትጠቀመው።

11ኛ መልስ። የቤት ሥራችሁን ሕዝብ ይሥራላችሁ ወይ የሚል አንድ ሰው መጣ። በናንተ ጊዜ ሁሉም ነገር ከኢንተርኔት ነው፣ እኛ ሲኩዌንስ በእጃችን ነበር የምናነበው እያለ ረጅም ነገር ጻፈ። 3ኛዋ ሴት ጥያቄው አቋም ይዞ ነው የመጣው፣ አንተ ግን ምንም ይዘህ አልመጣህም ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስለ ድሮ ትምህርትና ስለ ዘንድሮ ትምህርት ነው የሚከራከሩት፣ እሱን አልጻፍኩትም።

12ኛ መልስ። ጀማሪ ልጅ ነው፣ ደስ የሚል ጥያቄ አመጣ። ላይጌሽኑን ዲኤች5 አልፋ ላይ አስገብቼ አይፒቲጂ ብጨምርም ፕሮቲን አጣሁ፣ ክሎኒንጌ ስህተት ነው ወይ አለ። 1ኛው ሰው በትሕትና መለሰለት። የ pET ፕሮሞተር ቲ7 ፖሊመሬዝ ይፈልጋል፣ ዲኤች5 አልፋ ያ የለውም። ፕላዝሚዱን እዚያ አባዝተህ፣ አረጋግጠህ፣ ከዚያ ወደ BL21(DE3) ታሻግረዋለህ። እኛም ዕቅዳችን ውስጥ ሁለቱን ባክቴሪያ ለየብቻ መጻፍ እንዳለብን ከዚህ አየን።

የኔ መልስ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተስማምተናል ማለት ይከብዳል፣ ግን ተጽፏል። ዋናው ዕቅድ በ NheI እና XhoI ሆነ፣ ምክንያቱም ሁለት አጭር ፕራይመርና ተራ ላይጌዝ ነው የሚፈልገው፣ የሚጨመሩትን ሦስት አሚኖ አሲዶች በግልጽ አስቀምጠናል። ጊብሰን በ32 ቤዝ መደራረብ አማራጭ ሆኖ ገብቷል፣ የ3ኛዋ የ20 ኪሎዳልተን ታሪክ ደግሞ NdeI ለምን እንደተጣለ ማስረጃ ሆኗል። የቡድኔ ልጆች አሁንም ዋናው ጊብሰን መሆን ነበረበት ባይ ናቸው።

13ኛ መልስ። ዛሬ ጠዋት የመጣ ነው። በ NheI ስንገባ ከፊቱ ሌላ ATG ስላለ የጂኑን የራሱን ATG አውጡት፣ ታጉ ከተነሳ በኋላ ሁለት ሜቲዮኒን ምን ያደርግላችኋል አለ። 10ኛዋ ተቃወመች። ተዉት፣ ሌላ ጊዜ ጂኑን ወደ ሌላ ቬክተር ስታዛውሩ ትፈልጉታላችሁ አለች። የማስረከቢያው ቀን ዓርብ ነው፣ የምታውቁ ጻፉልኝ።